ድምፁ ይቅደም፣ ከርሰሩ ይከተል

ኮምፒውተር የሚያስተምሩ ብዙ ቪዲዮዎች ላይ አስተማሪው ሥራውን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ተመልካቹ ግን የት ማየት እንዳለበት አያውቅም። «እዚህ ጋ ትመጡና ይሄን ትነካላችሁ» ይባላል። «እዚህ» የቱ ጋ ነው? ተመልካቹ ይህን እየፈለገ ከርሰሩ እንደ ዝንብ ስክሪኑን ዞሮ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ነክቶ ሌላ ገጽ ከፍቷል። ቪዲዮው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ይታያል፣ በመጨረሻ ይዘጋል።

ይህን ማስተካከል ከውድ ዕቃ ይልቅ የሚፈልገው ቅደም ተከተል ነው። ጉዳዩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ትምህርት ይዘን እንሂድ፤ ኤክሴል ላይ ፒቮት ቴብል እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ የስምንት ደቂቃ ያህል ቪዲዮ። መነሻችን የአንድ ሱቅ የሽያጭ መዝገብ ነው፤ አራት ዓምዶች አሉት፦ ቀን፣ ዕቃ፣ ቅርንጫፍ፣ ሽያጭ። ባለሱቁ ማወቅ የሚፈልገው ስኳሩ፣ ዘይቱና ሳሙናው እያንዳንዳቸው በጠቅላላው ስንት ብር እንዳስገቡ ነው።

ከቀረጻው በፊት ተመልካቹ በምን እንደሚያይ ማሰብ ይገባል። አብዛኛው ሰው የሚያየው በስልክ ነው። የተለመደ ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ ስክሪን ወርዱ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ያው ምስል ቀጥ ብሎ በተያዘ ስልክ ላይ ሲታይ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ፊደሉ አምስት እጥፍ አነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ Settings ውስጥ ገብቶ Display ስር Scale የሚለውን 150% ማድረግ፣ የኤክሴሉንም ዙም ከታች በቀኝ ካለው መንሸራተቻ እዚያው አካባቢ ማድረስ ያስፈልጋል። እንዲህ ሲሆን ሠንጠረዡ ስክሪኑ ላይ አልበቃ ይላል። መፍትሔው ዙሙን መቀነስ ሳይሆን መዝገቡን ማሳጠር ነው፤ ፒቮት ቴብልን ለማስረዳት አሥራ ሁለት ረድፍ ይበቃል፣ ሦስት ሺህ ረድፍ ማንም አያነብም። የሠላሳ ሰከንድ ሙከራ ቀርጻችሁ በራሳችሁ ስልክ እዩት። የዓምዱ ስም ዓይን ሳይጠብ ካልተነበበ ገና ነው።

ለቀረጻው ኦቢኤስ ስቱዲዮ በነጻ የሚገኝና የሚያስተማምን ፕሮግራም ነው። ጀማሪ የሚወድቅባቸው ሁለት ቦታዎች አሉት። የመጀመሪያው ምን እንደሚቀረጽ ሲመረጥ ነው። Window Capture የሚለው አንድን መስኮት ብቻ ስለሚይዝ ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን ከኤክሴል ላይ ተዘርግተው የሚወርዱ ዝርዝሮችና ብቅ የሚሉ ሣጥኖች ለዊንዶውስ የተለዩ መስኮቶች ስለሆኑ ቀረጻው ውስጥ ሊቀሩ ይችላሉ። እናንተ OK ስትጫኑ ተመልካቹ የሚያየው ባዶ ሠንጠረዥ ላይ የምትጫን ቀስት ነው፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። Display Capture መርጦ ስክሪኑን በሙሉ መቅረጽ፣ በምላሹም የቴሌግራሙንም ሆነ የኢሜይሉን ኖቲፊኬሽን መዝጋት ይሻላል። ሁለተኛው የፋይሉ ዓይነት ነው። ተራው MP4 በትክክል ሳይዘጋ መብራት ከጠፋ ፋይሉ አይከፈትም፤ MKV ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ያለውን ያተርፋል። በ MKV ቀርጾ ኋላ File ውስጥ Remux Recordings በሚለው ወደ MP4 መለወጥ ጥራቱን አይነካም፣ ጊዜም አይወስድም።

አሁን ወደ ከርሰሩ። የዊንዶውስ ነጭ ቀስት በነጭ ኤክሴል ላይ በስልክ አይታይም። ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛው በ Settings ውስጥ Accessibility ስር Mouse pointer የሚለውን ከፍቶ መጠኑን ከፍ ማድረግ ነው፤ መለኪያው ከ1 እስከ 15 ሲሆን 3 ወይም 4 ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ቀስቱ ራሱ ፊደል ይሸፍናል። ሌላው ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው ፓወርቶይስ የተባለ ፕሮግራም ነው። በውስጡ Mouse Highlighter የሚል አለ፤ እሱን ከፍቶ ቀረጻው ሊጀመር ሲል Win+Shift+H መጫን ነው። ከዚያ በኋላ ማውሱ በተጫነ ቁጥር ቀስቱ ሥር ቀለም ያለው ክብ ይበራል፤ የግራው ቢጫ፣ የቀኙ ሰማያዊ። በእኛ ትምህርት ይህ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ፒቮት ቴብል የሚሠራው በመጎተት ነው። ጣቱ ማውሱን ይዞ እየጎተተ መሆኑን ክቡ በግልጽ ይናገራል። ማስታወስ የሚገባው መዝገባችሁ ውስጥ ቢጫ የተቀባ ሴል ካለ ክቡ እንደሚጠፋበት ነው፤ ወይ ሴሉን ወይ የክቡን ቀለም ቀይሩ።

ነገር ግን የትኛውም ክብ የተቅበዘበዘን እጅ አያድንም። ብዙዎቻችን ስናወራ ማውሱን የማሽከርከር ልማድ አለን፤ በእጃችን ካላሳየን የተናገርን አይመስለንም። ቀረጻ ላይ ከርሰሩ ሥራ ከሌለው መቆም አለበት፤ ሲንቀሳቀስም በአንድ መስመር ሄዶ፣ ከሚነካው ቃል ሥር እንጂ ከላዩ ላይ ሳይሆን ይቁም። ማብራሪያው ረዘም የሚል ከሆነ እጅን ከማውሱ ላይ ማንሳት ነው።

ድምፅና እጅ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አማርኛ ያግዘናል። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ቦታውን ቀድመን፣ ድርጊቱን አስከትለን እንናገራለን። «ከላይ በግራ በኩል፣ Home ከሚለው ቀጥሎ፣ Insert የሚለውን… እንጫናለን።» ይህን ሲናገሩ «ከላይ በግራ» ላይ የተመልካቹ ዓይን መጓዝ ይጀምራል፣ «Home» ላይ ምልክት ያገኛል፣ «Insert» ላይ ይደርሳል። ከርሰሩም አብሮ ይደርስና ይቆማል። ጣቱ የሚጫነው «እንጫናለን» ሲባል ነው፣ ከዚያ በፊት አይደለም። ቀጥሎ «ከሥሩ፣ ግራ ጥግ ላይ፣ PivotTable የሚለውን እንጫናለን» ሲባልም እንዲሁ። እዚህ ላይ እጅ ከቀደመ ጉዳቱ ይብሳል፤ የሚመጣው ሣጥን መሐል ላይ ጉብ ስለሚል ተመልካቹ ሲፈልገው የነበረውን ትቶ ወደ ሣጥኑ ይዞራል።

የቁልፉ ስም ስክሪኑ ላይ እንደተጻፈ ይጠራ። PivotTable የሚለውን «ማጠቃለያ ሠንጠረዥ» ብሎ መተርጎም ምን እንደሆነ ለማስረዳት ጥሩ ነው፤ እንዲጫን ሲታዘዝ ግን ተመልካቹ የሚፈልገው ፊደሉን ነው። ሣጥኑ ሲከፈት ደግሞ ዝም ማለት ያስፈልጋል፣ ሁለት ሰከንድ ያህል። ለተናጋሪው ያስጨንቃል፤ ለተመልካቹ ግን አዲሱን ገጽ በዓይኑ የሚቃኝባት ጊዜ እሷው ናት።

ስለ ማይክሮፎን ብዙ አልልም። ከአፍ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ፣ ከፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ቢቀመጥ «ፒቮት» በተባለ ቁጥር የሚወጣው ትንፋሽ አይመታውም። ኦቢኤስ ላይ የድምፁ መለኪያ ስንናገር ቢጫው ላይ ይጫወት፤ ቀዩ ውስጥ ከዘለቀ ዝቅ ይደረግ። መጋረጃና ምንጣፍ ያለው መኝታ ቤት ከባዶ ቢሮ ይሻላል።

የቀረው ምዕራፍ ነው፤ ምዕራፍ በደቂቃ ብዛት አይከፈልም። አዲስ ምዕራፍ የሚጀምረው ተመልካቹ አዲስ ጥያቄ ሲኖረው ነው። ለሱቁ ትምህርት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

```
0:00 መጨረሻ ላይ የምናገኘው
0:25 መዝገቡን ማዘጋጀት (Ctrl+T)
1:50 PivotTable ማስገባት
3:10 ዕቃና ሽያጭን ወደ ቦታቸው መጎተት
5:00 Sum መሆን ሲገባው Count ሲመጣ
7:00 አዲስ ሽያጭ ሲጨመር፦ Refresh
```

የመጀመሪያዋ ሃያ አምስት ሰከንድ ውጤቱን ታሳያለች፤ ስኳር 3,600 ብር ብሎ የተቀመጠ አጭር ሠንጠረዥ። ሰላምታና የቻናል ማስተዋወቂያ ይህችን ቦታ ባይበላ መልካም ነው።

አምስተኛው ምዕራፍ ሁለት ደቂቃ የተሰጠው ሰው ቪዲዮ ፍለጋ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በእንዲህ ያለው ችግር ስለሆነ ነው። ስኳር ሦስት ጊዜ ተሽጧል እንበል፦ በ1,200፣ በ900 እና በ1,500። አንዱ ጸሐፊ የመጀመሪያውን «1,200 ብር» ብሎ በፊደል ጨምሮ ከጻፈው ለኤክሴል ቁጥር መሆኑ ይቀራል። ሽያጭን Values ውስጥ ስንጥለው Sum መሆኑ ቀርቶ «Count of ሽያጭ» ይመጣል፤ ከስኳር አጠገብ የሚታየውም 3 ነው። ብዙ አስተማሪዎች እዚህ Value Field Settings ከፍተው Sum ይመርጡና ያልፋሉ። ቁጥሩ ይለወጣል፣ ግን 2,400 ይላል፤ በፊደል የተጻፈው ስላልተደመረ 1,200 ብር ጠፍቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ሴሉ ይስተካከላል፣ ከዚያ Refresh፣ ከዚያ Sum። በቀረጻው ላይ ይህ ቦታ ቀስ ይባልበታል፦ 3 ሲታይ ዝም፣ 2,400 ሲታይ ዝም፣ «ስንት መሆን ነበረበት?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ ወደ መዝገቡ መመለስ። በአንጻሩ ኤክሴል ተከፍቶ እስኪጨርስ ያለው መጠበቅ በኤዲቲንግ ተቆርጦ ይጣል።

እያንዳንዱን ምዕራፍ በተለየ ፋይል መቅረጽ ሥራውን ያቀላል። ለዚህም በየምዕራፉ መጀመሪያ ያለውን የኤክሴል ፋይል ቅጂ በቁጥር ሰይሞ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ አራተኛው ሲበላሽ አራተኛውን ቅጂ ከፍቶ ከዚያው መጀመር ይቻላል። አለበለዚያ ስክሪኑ ካለፈው ጋር አይገጥምም፣ ተመልካቹም ያልሠራው ዓምድ ድንገት ሲያይ የዘለለው ነገር ያለ ይመስለዋል። ለአምስተኛው ምዕራፍ «1,200 ብር» ሆን ተብሎ የተጻፈበት ሌላ ቅጂ ይዘጋጅ። መሐል ላይ አፍ ከተሳሳተ ቀረጻውን ማቆም አያስፈልግም፤ ከርሰሩን ወደነበረበት መልሶ፣ ሦስት ሰከንድ ዝም ብሎ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው መድገም ነው። ኤዲቲንግ ላይ ያ ዝምታ በድምፁ መስመር ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚታይ የሚቆረጠው ቦታ ሳይሰማ ይገኛል።

ከላይ ያለው የሰዓት ዝርዝር ዩቲዩብ ላይ በቪዲዮው መግለጫ ውስጥ ሲለጠፍ ወደ ምዕራፍ የሚለወጠው በ0:00 ሲጀምር፣ ቢያንስ ሦስት ሰዓቶች በቅደም ተከተል ሲኖሩትና እያንዳንዱ ምዕራፍ አሥር ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ከተለጠፈ በኋላ የምዕራፍ መስመሮቹ ካልታዩ ቀድሞ የሚመረመረው የመጀመሪያው መስመር ነው፤ ብዙ ጊዜ 0:00 ተዘልሎ በ0:05 ተጀምሮ ይገኛል።