ከመጀመሪያው እንቁላል በፊት

በጥቅምት መጀመሪያ ቢሾፍቱ ዳር ባለች አንዲት የዶሮ እርሻ ግቢ ሦስት ሆነን ተቀምጠናል፤ ባለ እርሻዋ፣ ገንዘብ ያስገባሉ የተባሉት ሽማግሌና "ዕቅዱን አንዴ እይልኝ" ተብዬ የተጠራሁት እኔ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በእህል በረንዳ የጨረሱ ነጋዴ ናቸው። ዕቅዱ አራት ገጽ ነው፤ ሐሳቡ ግን በአንድ መስመር ያልቃል። 1000 ዶሮ በቀን 700 እንቁላል ይጥላል፤ ሌላ 1000 ቢጨመር 1400 ይሆናል። ለዚህ የተጠየቀው ገንዘብ የቤት መሥሪያ፣ የመመገቢያና የመጠጫ ዕቃ፣ የጫጩት መግዣና የአንድ ወር መኖ ነው።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጄ፣ የወሩ መኖ ሲያልቅ ምን ይበላሉ?"

"ከእንቁላሉ ሽያጭ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ከየትኛው እንቁላል?"

ለእንቁላል የሚረባ የውጭ ዝርያ ጫጩት የመጀመሪያዋን እንቁላል የምትጥለው ወደ 19 ወይም 20 ሳምንት ሲሆናት ነው። ከመንጋው ግማሽ ያህሉ መጣል ሲጀምርና ገቢው መኖውን ሲሸፍን 22 ሳምንት ገደማ ይሆናል። ይህ አምስት ወር ነው። አንዲት ጫጩት 18 ሳምንት እስኪሞላት ከ6 እስከ 7 ኪሎ መኖ ትበላለች፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በቀን ወደ 100 ግራም። ለ1000 ዶሮ እስከ 22ኛው ሳምንት ሲደመር ወደ 90 ኩንታል ይመጣል። ስሌቱ እንዲቀል ኩንታሉን 5000 ብር ብንለው 450 ሺህ ብር ነው፤ በዕቅዱ ውስጥ የለም። ብዙ እርሻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ወር ገንዘቡ ያልቃል፣ ከመኖው ላይ ይቀነሳል፣ ቄቦቹ ይቀጭጫሉ፤ በዕድገቷ ጊዜ የተጎዳች ቄብ ደግሞ በኋላ ብትቀለብም እንደ ጓደኞቿ አትጥልም።

ቄብ ገዝቶ ማስገባት ይቻላል፤ አምስቱን ወር ያሳጥረዋል። ግን የሻጩ ትርፍ በዋጋው ላይ ይጨመራል፤ ክትባቷን በጊዜው መውሰዷንም በሰው ቃል ማመን ነው። ባለ እርሻዋ አንዴ ሞክራ ፈንግል ስለገባባት ሁለተኛ አላሰበችውም።

ሽማግሌው ቀጥለው የጠየቁት ደብተሩን ነው። በሩ አጠገብ በሲባጎ የተንጠለጠለ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው፤ በየቀኑ የተሰበሰበው እንቁላል፣ የሞተው ዶሮና የተሰጠው መኖ ተጽፎበታል። ጠርዙ በዶሮ ኩስ ቆሽሿል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከአራቱ ገጽ ዕቅድ ይልቅ ባለገንዘብ ሊያነበው የሚገባው ይህንን ነው። በሐምሌ 860፣ 855፣ 862 ይላል። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ 820፣ 770፣ ከዚያ 700 ላይ ቆመ። ዶሮዎቹ ገና 40 ሳምንት እንኳ አልሞሉም፤ በዚህ ዕድሜ ከመቶው 70 ብቻ መጣል የጤና አይደለም።

"ነሐሴ ላይ ምን ተደረገ?"

አኩሪ አተር ተወድዶ ነበር። መኖውን ራሷ ስለምታቀላቅል አኩሪ አተሩንና የኑግ ፋጉሎውን ቀንሳ ፍሩሽካ ጨመረች። ፍሩሽካ ሆድ ይሞላል፤ እንቁላል የሚሠራው ፕሮቲን ግን በቂ የለውም። ዶሮዎቹ እንደ ወትሮው በቀን 115 ግራም እየበሉ ቀንሰው መጣል ጀመሩ፤ እንቁላሉም አነሰ። ከመቶው 85 ሲጥሉ ለአንድ እንቁላል የሚወጣው መኖ 135 ግራም ነበር፤ 70 ሲጥሉ 164 ግራም ሆነ። በኪሎ 50 ብር ሒሳብ አንዱ እንቁላል ከመኖ ብቻ 6 ብር ከ75 ይፈጅ የነበረው 8 ብር ከ20 ገባ። ያቺ ልዩነት ናት ትርፉን የበላችው። ርካሹ መኖ በኩንታል የሚያድነውም ይህን አይሞላም።

ስለዚህ የዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ እንደገና ተጻፈ። መኖው ተስተካክሎ ያሉት ዶሮዎች ወደ 850 ከተመለሱ እስከ 1400 የሚጎድለው 550 ነው። ለዚህ 1000 ጫጩት አያስፈልግም። አሮጌዎቹ እያረጁ መቀነሳቸው ስለማይቀር ትንሽ ከፍ አድርገን 700 አልን። የሚሞተው ሞቶ ወደ 670 ቢተርፍና በብርቱ የመጣያ ጊዜያቸው ከመቶው 90 ቢጥሉ 600 ይሰጣሉ፤ አሮጌዎቹ 800 ቢጥሉ 1400 ሞላ። የአምስቱ ወር መኖም ወደ 65 ኩንታል ወረደ። ቤቱም አነሰ።

እዚህ ላይ ባለ እርሻዋ ራሷ ያላየችው ሌላ ነገር መጣ። አዲሶቹ 26 ሳምንት ሞልተው በብርቱ ሲጥሉ፣ ዛሬ 40 ሳምንት የሆኑት አሮጌዎች 66 ይሆናሉ። 80 አልፈው ሲሄዱ የሚጥሉት ከሚበሉት ጋር አይመጣጠንም፤ ይሸጣሉ። ስለዚህ "እጥፍ" የተባለው ምርት የሚቆየው አራት ወር ገደማ ብቻ ነው! ተተኪ ጫጩቶች አስቀድመው ካልገቡ እርሻው ከነበረበት በታች ይወርዳል። ሁለት ቤት ሳይሆን ሦስት ያስፈልጋል፤ ሦስተኛዋ ትንሽ የጫጩት ማሳደጊያ። እሷም ከትልልቆቹ ራቅ ብላ መሠራት አለባት፤ ሠራተኛው ጠዋት ጫጩቶቹን ጨርሶ ነው ወደ አሮጌዎቹ የሚሄደው፣ በተቃራኒው ከሆነ የአሮጌዎቹን በሽታ በጫማው ይዞላቸው ይገባል።

ቀሪው ጉዳይ ቀኑ ነበር። ባለ እርሻዋ ጫጩቶቹ መስከረም መጀመሪያ ላይ ሳይገቡላት በመቅረታቸው ስትቆጭ ነበር። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9 ነው፤ መስከረም 1 የገባች ጫጩት 22 ሳምንት የሚሞላት የካቲት 5 ነው። ማለት መንጋው መጣል በጀመረ በአራተኛው ቀን ገበያው ለ55 ቀን ይጾማል፤ ዶሮ አትጾምም። ትሪው በትሪ ላይ ይደረደራል፣ ዋጋው ይወድቃል። ጥቅምት 30 የገባች ግን 22 ሳምንቷን የምትሞላው ሚያዝያ 4፣ የፋሲካ ዕለት ነው። መዘግየቱ በጀ። በፋሲካ ገንዘብ ተተኪ ጫጩቶቹ ይገዛሉ፤ እነሱ መጣል የሚጀምሩት ለእንቁጣጣሽ ነው። አሮጌዎቹም ያኔ፣ ለበዓል፣ በቁማቸው ይሸጣሉ፤ የሥጋ ዋጋቸው ያኔ ነው የሚሻለው።

ሽማግሌው ገንዘቡን አንድ ጊዜ አልሰጡም። ጫጩት ማሳደጊያዋ ስታልቅ ግማሹን፣ የቀረውን ለመኖ በየወሩ ለመስጠት ተስማሙ። ትርፍ የሚባለውም ከእያንዳንዱ ትሪ ላይ ለተተኪ ጫጩትና ለመኖአቸው የሚቀመጠው ከተነሣ በኋላ የሚተርፈው እንዲሆን በውሉ ተጻፈ። ባለ እርሻዋ እዚህ ላይ ትንሽ ተከራከረች፤ የእሷም ድርሻ የሚያንሰው በዚያው ልክ ነውና። ኋላ ፈረመች። ጋሼ ሲወጡ ደብተሩን ከሲባጎው ፈትተው የዕለቱን መስመር አዩ፤ 704 ይላል።

"በሚቀጥለው ወር 800 ሲል ደውዪልኝ፤ ጫጩቶቹን ያኔ እናዛለን" አሏት።

በጥቅምት 24 ደወለች። 812።