ጥለት ያለው ሸማ ለሶፋ ትራስ፦ መቀሱን ከማንሳታችሁ በፊት እጠቡት

ለበዓል ብላችሁ ጥለት ያለው ሸማ ገዝታችሁ የሶፋ ትራስ ልብስ ሰፋችሁ እንበል። በበዓሉ ቀን ያምራል። ቡና ፈሰሰበትና ታጠበ። ከደረቀ በኋላ ግን ትራሱ አልገባ ይላል። በግድ ስትከቱት ደግሞ ስፌቱ አጠገብ ክሩ ይሸሽና ቀዳዳ ይወጣል።

ይሄ የሚመጣው ከጨርቁ ባህሪ ነው። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ሁለት ጠባይ አለው። መጀመሪያ ሲታጠብ ያጥራል፣ ሽመናው ልል ስለሆነ ደግሞ ከተቆረጠበት ጫፍ በቀላሉ ይተረተራል። ሁለቱንም ከመስፋት በፊት ማስተካከል ይቻላል።

መጀመሪያ የጨርቁን ርዝመት ለክታችሁ ጻፉ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ አሸት አድርጉ፤ ቀለም ከያዘ ሸማውን ለብቻው፣ ሳትዘፈዝፉ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ እጠቡት። ሲደርቅ ተኩሱትና እንደገና ለኩት። ለምሳሌ 120 ሴንቲ የነበረው 114 ሆኖ ከወጣ፣ ሳይታጠብ የተሰፋ 45 ሴንቲ የትራስ ልብስ ወደ 43 ሴንቲ ይወርድ ነበር ማለት ነው። ትራሱ አልገባ የሚለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ አቡጀዲ ግዙ። ሸማው ስስ ስለሆነ የትራሱ ቀለም ያሳያል፣ ጉተታም አይችልም። አቡጀዲው ከሥሩ ገበር ሆኖ ክብደቱን ይሸከምለታል፣ የትራሱ ጀርባም በሙሉ ከእሱ ይሠራል። እሱም ስለሚያጥር አብራችሁ ሳይሆን ለብቻው እጠቡት።

አሁን ልኬቱ። ትራሱ 45 በ45 ከሆነ፣ በየጎኑ 1.5 ሴንቲ ለስፌት ጨምራችሁ ሸማውን 48 በ48 ቁረጡ። አቡጀዲውንም አንድ 48 በ48፣ ሁለት ደግሞ 48 በ33 ቁረጡ። ስትቆርጡ ጥለቱ የት እንደሚውል ከጫፉ ሳይሆን ከስፌቱ መስመር ለኩ፤ አለዚያ ግማሹ ስፌት ውስጥ ይገባል።

ሸማውን አቡጀዲው ላይ አንጥፉና ዙሪያውን በሰፋፊ ስፌት ያያይዙ ዘንድ ስፉት፤ ከዚህ በኋላ እንደ አንድ ጨርቅ ነው። የሁለቱን የጀርባ ቁራጮች አንድ አንድ ረጅም ጠርዝ መጀመሪያ 1፣ ከዚያ 2 ሴንቲ አጥፋችሁ ስፉ። ሸማውን ጥለቱ ወደ ላይ እንዲሆን አስቀምጡ። የጀርባዎቹን ቁራጮች ከላዩ ላይ ገልብጣችሁ ስታደርጉ፣ የታጠፉት ጠርዞች መሃል ላይ በ12 ሴንቲ ይደራረባሉ። ትራሱ የሚገባው በዚያ ነው፤ ዚፕም ቁልፍም አያስፈልግም።

ዙሪያውን ከጫፉ 1.5 ሴንቲ ገባ ብላችሁ ስፉ። የስፌት መኪና ካላችሁ ጫፉን በዚግዛግ ጨርሱት። በእጅ ከሆነ መርፌው በየስፌቱ ትንሽ ወደ ኋላ እየተመለሰ ይሂድ፣ እያንዳንዱ ስፌት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን፤ ከዚያ ጫፉን ዘምዝሙት። ጠርዞቹ የሚደራረቡበት ቦታ ብዙ ስለሚጎተት ሁለቴ ስፉት። ጨርቁ መስመሩ ላይ ከተሰበሰበ ክሩን በጣም አጥብቃችሁታል፤ አላሉት።

ከመገልበጣችሁ በፊት ስፌቱን ከግራና ከቀኝ ያዙና ሳብ አድርጉ። ሸማው ክፍት ክፍት ካለ ገበሩ ስፌቱ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። እዚያ ጋ ፈትታችሁ እንደገና ስፉት። ማዕዘኑንም ሹል ይሁን ብላችሁ እስከ ስፌቱ ድረስ አትቁረጡት፤ መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው።

ለጠረጴዛ ሯጭም ያው ነው፦ እጠቡ፣ ገበር አድርጉ፣ ጫፉን ዘምዝሙ። ጠረጴዛው 150 ሴንቲ ከሆነና በየጫፉ 20 ሴንቲ እንዲንጠለጠል ከፈለጋችሁ፣ ለማጠፊያ በየጫፉ 3 ጨምራችሁ 196 ሴንቲ ቁረጡ።

መጋረጃ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ። ልል ሽመና በራሱ ክብደት ሲንጠለጠል ይረዝማል። ስለዚህ ላዩን ሰፍታችሁ ስቀሉት፣ ሁለት ቀን ይቆይ፣ የታችኛውን እጥፋት ከዚያ በኋላ ለክታችሁ ስፉ።

የእናታችሁን አሮጌ ነጠላ ልትጠቀሙ ካሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ብርሃን ያዙት። የሳሳው ቦታ ወዲያው ይታያል። እሱን ትታችሁ ጥለቱ ካለበት፣ ጠንካራ ከሆነው በኩል ቁረጡ።