8 ብር በ9 ኖት?

በእጃችን ያሉት ባለ 5 እና ባለ 10 ብር ኖቶች ብቻ ናቸው እንበል። 8 ብር በትንሹ በስንት ኖት ይከፈላል? ትክክለኛው መልስ «አይቻልም» ነው። በዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ የተጻፈ ፕሮግራም ግን አንዳንዴ «9» ይላል።

ፕሮግራሙ ከ0 እስከ 8 ላለው ለእያንዳንዱ የገንዘብ መጠን አንድ ሣጥን ያዘጋጃል። በ0 ሣጥን ውስጥ 0 ይጽፋል፤ ሌሎቹን «ገና አልተደረሰበትም» ለማለት በ9 ይሞላቸዋል። 8 ብር ከ8 በላይ ኖት ሊፈጅ ስለማይችል፣ እዚህ 9 ምልክት እንጂ የኖት ብዛት አይደለም።

ሥራው ሲጀመር የ5 ሣጥን 1 ይሆናል። 8 ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ 5 ቀንሶ የ3ን ሣጥን ያያል። እዚያ ያለው 9 ነው፤ አንድ ሲጨመርበት 10 ይሆናል። 10 ከ9 ስለሚበልጥ የ8 ሣጥን ባለበት ይቀራል። እስከዚህ ሠንጠረዡ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ ምልክቱን እንደ መልስ ማውጣቱ ነው። የሚታረመውም በመጨረሻው መስመር ነው፦

```
return dp[n] if dp[n] <= n else -1
```

ፕሮግራማችሁን ስትፈትኑ የማይከፈል መጠንም ስጡት። የኖቱ ብዛት ከብሩ ከበለጠ፣ ያወጣው መልስ ሳይሆን ምልክቱን ነው።