ከመሳቢያ የወጡ 24 ቅጾች

ትምህርት ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ቅጹን አያጣውም። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወይም የዲፓርትመንት ተጠሪው ክፍል ገብቶ የኋላ ዴስክ ላይ ይቀመጣል፣ ቼክሊስቱ ላይ ራይት ያደርጋል፣ «ጠንካራ ጎን» እና «መሻሻል ያለበት» በሚሉት መስመሮች ላይ ሁለት ሦስት ቃል ጣል አድርጎ ከመምህሩ ጋር ተፈራርሞ ይወጣል። ቅጹም መሳቢያ ይገባል። የግለ ግምገማ ሪፖርት የሚጻፍበት ጊዜ ሲደርስ ታዲያ መሳቢያውን የሚከፍት የለም። የአምናው ሪፖርት ይወጣና ዓመተ ምሕረቱ ይቀየራል።

የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር ትምህርት ቤቶች በአራት ዘርፎች ራሳቸውን እንዲገመግሙ ይጠይቃል፤ መማር ማስተማር፣ ምቹ ሁኔታና አካባቢ፣ አመራር እና የኅብረተሰብ ተሳትፎ። የአጥር ግንባታና የወላጅ መዋጮ በቀላሉ ይቆጠራሉ። ክፍል ውስጥ የሆነውን መጻፍ ነው የሚያስቸግረው፤ ማስረጃው ያለው ደግሞ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው።

አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በአንድ ሴሚስተር 24 የምልከታ ቅጾች ሰበሰበ እንበል (ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል ናቸው)። የመጀመሪያው ሥራ የታየውን ከተፈረደው መለየት ነው። «ተሳትፎው ጥሩ ነው» ፍርድ ነው፤ ማን እንደተሳተፈ አይናገርም። «ሊደወል 5 ደቂቃ ሲቀር መምህሩ ‹ገባችሁ?› አሉ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ‹አዎ!› አለ» የሚለው ግን የታየ ነገር ነው። በዚህ ወንፊት ሲያልፉ 9ኙ ቅጾች ከፍርድ በቀር ምንም አልያዙም፤ ወደ ጎን ይቀመጣሉ። 15 ይቀራሉ።

አሥራ አምስቱ በአንድ ጥያቄ ይነበባሉ። መምህሩ ተማሪዎቹ መረዳታቸውን ያወቀው በምንድን ነው? በ11ዱ ክፍሎች በ«ገባችሁ?» ብቻ ነው። በ4ቱ ግን መምህራኑ ተማሪ በስም ጠርተው ጠይቀዋል ወይም በዴስኮች መካከል እየዞሩ ደብተር አይተዋል። ግኝት የሚባለው ይህ ነው፤ «የምዘና ክፍተት አለ» ከሚለው የሪፖርት ቋንቋ የሚለየውም ማንም ሰው ቅጾቹን አውጥቶ መልሶ ሊቆጥረው መቻሉ ነው።

ግን የምልከታ ቅጽ ብቻውን አይበቃም። ከ11ዱ ክፍሎች ከኋላ ወንበር አምስት አምስት ደብተር ቢሰበሰብ፣ የዚያን ሳምንት መልመጃ ከሰሌዳ ገልብጠው ሳይሠሩት የተዉ ብዙዎች ሆነው ቢገኙ፣ «አዎ!» የሚለው ድምፅ ከየት ይመጣ እንደነበር ይታወቃል።

ስብሰባ ላይ ወዲያው የሚነሣ መልስ አለ፤ «ክፍሉ 65 ተማሪ ነው፣ እንዴት ይደረስ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። የሚፈተነውም በራሱ በቅጹ ነው፤ የአራቱ ክፍሎች የተማሪ ቁጥር ይታያል። እነሱም ከ60 በላይ ከሆኑ የክፍሉ መጨናነቅ ሥራውን ያከብደዋል እንጂ የማይቻል አያደርገውም።

ቅጾቹ ውስጥ የመጽሐፍ እጥረትም፣ የተሰበረ ዴስክም፣ የሰሌዳ አጠቃቀምም ተጽፏል። ሁሉም ቅድሚያ ከተሰጠው ምንም ቅድሚያ አልተሰጠም። መጽሐፉ የወረዳውን እጅ ይጠብቃል፤ ሪፖርቱ ለይቶ ያመለክተው። ትምህርት ቤቱ ነገ ጠዋት በራሱ ሊቀይረው የሚችለው፣ በብዙ ክፍልም የታየው፣ መረዳትን የማረጋገጥ ጉዳይ ነው።

ግቡ ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። «የተማሪ ተሳትፎን 100 በመቶ ማድረስ» ይጻፋል፤ ከስንት ተነሥቶ፣ በምን ተለክቶ፣ አይታወቅም። እዚህ መነሻው ከ15 ክፍል 4 ነው። ስለዚህ ግቡ እንዲህ ይሆናል፦ በሁለተኛው ሴሚስተር መጨረሻ በዚያው ቅጽ ከሚታዩ 15 ክፍለ ጊዜዎች ቢያንስ በ10ሩ መምህሩ ከመደወሉ በፊት ቢያንስ የ5 ተማሪዎችን መልስ ወይም ደብተር ለየብቻ ያያል። አምስቱ ጎበዞች ብቻ እንዳይጠሩ ስማቸው ከስም መጥሪያው ላይ በዕጣ ይወጣል። ይህች ትንሽ ሐረግ ካልተጻፈች ግቡ ይሳካል፤ የኋላው ወንበር ግን እንደነበረ ይቀራል።

ሪፖርቱ ድክመቱንም ይናገር። አሥራ አምስቱ ምልከታዎች አብዛኞቹ ጠዋት፣ በሒሳብና በአማርኛ የተደረጉ ከሆነ ስለ ከሰዓቱ ሳይንስ አይመሰክሩም። ከዚህ የሚከፋው ግን ምልከታው የመምህሩ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ሲሆን ነው። ያኔ ጎብኚው እንዳይቀየም ብሎ «መልካም» ይጽፋል፤ መምህሩም የሚጎበኝበትን ቀን ካወቀ ትናንት ያስተማረውን ትምህርት ዛሬ ይደግመዋል። ይህ የሚታወቀው ጥያቄው ሳያልቅ እጅ ሲነሣ ነው። ለግለ ግምገማ የሚሞላው ቅጽ የመምህሩ ስም ባይኖርበት፣ ክፍልና የትምህርት ዓይነት ብቻ ቢጻፍበት፣ ጎብኚው ያየውን ለመጻፍ ይደፍራል።

ሴሚስተሩ አልቆ ቆጠራው 8 ቢሆንስ? 8 ተብሎ ይጻፋል፤ ከጎኑም የቀሩት ሰባት ክፍሎች የትኞቹ እንደሆኑ።