ስልኩ ከመጥራቱ በፊት

ሐምሌ ላይ ሜሪላንድ ውስጥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ደብረ ብርሃን እኩለ ቀን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ሀና ስልኳ የሚቀሰቅሳት በዚህ ሰዓት ነው። «ሀኒዬ፣ አትደንግጪ፤ እማዬን ትንሽ አሟት ነው» ይላል ታናሽ ወንድሟ። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ ሆስፒታሉ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቋል። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ 600 ዶላር ትልካለች። ለመኪናዋ ጥገና ያስቀመጠችው ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት መኪናው ሲቆም ጥገናውን በክሬዲት ካርድ ትከፍላለች፤ ወለዱም መቁጠር ይጀምራል።

ሀና የብዙ ሰው ሂሳብ አንድ ላይ አድርጌ የሠራኋት ምሳሌ ናት። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በሰዓት 20 ዶላር ትሠራለች። ግብርና የጤና መድን ተቆርጦ በወር 2,800 ዶላር ገደማ እጇ ይገባል። ለቤት ኪራይ፣ ለምግብ፣ ለመኪናና ለስልክ 1,800 ታወጣለች። የሚተርፋት 1,000 ዶላር ነው።

«በወር ስንት ትልኪያለሽ?» ብትባል «350» ትላለች፤ አልዋሸችም። ግን የአንድ ዓመት የባንክ ዝርዝሯን ቁጭ ብላ ብትደምር ሌላ ቁጥር ይወጣል። የፋሲካና የእንቁጣጣሽ፣ የእናቷ ሕክምና፣ የአክስቷ ልጅ ሠርግ፣ የወንድሟ የኮሌጅ ክፍያ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፤ ሲደመር 3,000 ዶላር። ለ12 ወር ሲካፈል 250 ነው። ስለዚህ ሀና በወር የምትልከው 350 ሳይሆን 600 ዶላር ነው። ቁጠባዋን የሚበላው አስባ የምትልከው ቀለብ አይደለም፤ ሳታስበው የሚመጣው ስልክ ነው። ስልኩ መቼ እንደሚጠራ አይታወቅም፤ በዓመት ውስጥ እንደሚጠራ ግን የታወቀ ነው። የታወቀ ወጪ ደግሞ በጀት ይያዝለታል።

መፍትሔው ሁለቱን መለየት ነው። የመጀመሪያው የእናት ቀለብ ነው፤ ይህ የሚሰላው በዶላር ሳይሆን በብር ነው። ምግብ፣ መድኃኒት፣ መብራት፣ ውሃና የሠራተኛ ደመወዝ በወር 45,000 ብር ይፈጃል እንበል። አንድ ዶላር በ150 ብር ቢመነዘር ለዚህ 300 ዶላር ይበቃል። ብዙ ሰው ይህን ሂሳብ ከሠራ ቆይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በባንክ ይልክ የነበረ ሰው ያው 350 ዶላር በብር ብዙ ጨመረለት። በጥቁር ገበያ ይልክ የነበረው ግን ያን ያህል ለውጥ አላየም፤ ኑሮውም አብሮ ተወድዷል። ስለዚህ በየስድስት ወሩ ቤተሰብን «ወሩ በስንት ብር ያልፋል?» ብሎ መጠየቅና እንደገና ማስላት ያስፈልጋል። ቁጥሩ ሊቀንስም ሊጨምርም ይችላል።

ሁለተኛው የስልኩ ገንዘብ ነው። ሀና ለብቻው በተከፈተ የቁጠባ ሂሳብ በየወሩ 200 ዶላር ታስቀምጣለች። በዓመት 2,400 ይሆናል። ሠርጉም፣ ሕክምናውም፣ ጣሪያውም የሚወጣው ከዚያ ብቻ ነው።

አሁን ከ1,000ው 500 ቀረ። ሀና እስካሁን ያልነካችው ገንዘብ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ አለ። ፎር ኦ ዋን ኬ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ ነው። የእሷ መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ከደመወዙ እስከ 6 በመቶ ካስቀመጠ የዚያን ግማሽ ይጨምራል፤ «ማች ያደርጋል» የሚባለው ይህ ነው። መጠኑ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይለያያል፤ ጭራሽ የማይሰጥም አለ። ለሀና 6 በመቶ በወር 208 ዶላር ነው። የገቢ ግብር ሳይነካው ስለሚቆረጥ ከእጇ የሚጎድለው ግን 170 ገደማ ነው። መሥሪያ ቤቱ 104 ሲጨምርበት በወር 312 ዶላር በስሟ ይገባል። በአማካይ በዓመት 6 በመቶ ቢያድግ በ20 ዓመት ከ140,000 ዶላር በላይ ይሆናል፤ ከእሷ ደመወዝ የወጣው ግን 50,000 ገደማ ብቻ ነው። ገበያው የሚወድቅባቸው ዓመታት ይኖራሉ። አሠሪው የጨመረውም አንዳንድ ቦታ የራስ የሚሆነው ጥቂት ዓመት ከሠሩ በኋላ ነው፤ ሲቀጠሩ መጠየቅ ይበጃል። ከ59 ዓመት ተኩል በፊት የሚያወጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከግብሩ ሌላ 10 በመቶ ቅጣት ይከፍላል። ሌሊት ስልክ ሲጠራ የሚነካ ገንዘብ አይደለም፤ ጥቅሙም እሱ ነው።

የቀረው 330 ዶላር የራሷ መጠባበቂያ ነው፤ የሦስት ወር ወጪዋን፣ 5,400 ዶላር፣ እስኪሞላ። ብዙዎቻችን ለዚህ ዕቁብ እንገባለን። ዕቁብ በግድ ያስቆጥባል፤ ያንን ባንክ አያደርግም። ነገር ግን ዕጣው የሚወጣው መኪናው በሚቆምበት ቀን አይደለም። ደግሞም «ዕቁብ ወጣልኝ» ብላ በስልክ ያወራች ሴት ገንዘቡን ሳትቆጥረው ባለቤት ይገኝለታል። ስለዚህ መጠባበቂያው ባንክ ይሁን፤ ዕቁብ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ሲወጣ ወሬው ሳይሆን ገንዘቡ ይቅደም።

አላላኩ ላይም ገንዘብ ይፈሳል። «ያለ ክፍያ» የሚለው ማስታወቂያ ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ድርጅቱ ትርፉን ምንዛሬው ውስጥ ሊደብቀው ይችላል። የሚነጻጸረው አንድ ነገር ነው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ከኪሴ 300 ዶላር ቢወጣ እናቴ እጅ ስንት ብር ይገባል? በዚያ ላይ ከአውሮፓውያኑ 2026 መጀመሪያ ጀምሮ ከአሜሪካ በጥሬ ገንዘብ ወይም በመኒ ኦርደር ተከፍሎ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ግብር አለ። ከባንክ ሂሳብ ወይም በአሜሪካ ዴቢት ካርድ ሲላክ አይከፈልም።

አገር ቤት ቤት ለመሥራት ወይም ለመነገድ የሚቀመጥ ገንዘብ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከቀለብ ጋር አይቀላቀልም። ምንዛሬው ከመለቀቁ በፊት 570,000 ብር ባንክ የነበረው ሰው 10,000 ዶላር ነበረው። ዶላር 125 ሲገባ ያው ብር ከ4,600 ዶላር በታች ሆነ። ሥራው እስኪጀመር ድረስ ገንዘቡን በኢትዮጵያ ባንኮች ለዲያስፖራ በሚከፈተው የውጭ ምንዛሬ ሂሳብ ማቆየት ከዚህ ያድናል። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ የሆነ ሰው ውጭ አገር ያሉት ሂሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፉ ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት። አለማሳወቅ ከባድ ቅጣት ያመጣል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ሂሳቡ አልነበረም፤ ለቤተሰብ መንገሩ ነው። ሀና ለወንድሟ እንዲህ አለችው፤ «በዓመት 2,400 ዶላር አለ። ለምን እንደሚውል አንተና እማዬ ተመካከሩ። ሲያልቅ አለቀ፤ ለሕመም ካልሆነ በቀር።» ወንድሟ ለሁለት ሳምንት ዝም አላት። ከዚያ ደወለ፤ በዚህ ጊዜ በምሽት ነው፣ እሷ ከሥራ ስትገባ። «ጣሪያው ለጥቅምት ይቆይ ብለናል» አላት። «ክረምቱን ላስቲክ አልብሰነዋል።»