የኮምፒውተር ጨዋታ ወደ ስልክ የሚሸጋገረው እንዴት ነው?

«ስታርዲው ቫሊ» በ2016 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር የወጣ የእርሻ ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቹ መሬት ይቆፍራል፣ ይዘራል፣ ያጠጣል። በ2018 ወደ አይፎን፣ በ2019 ደግሞ ወደ አንድሮይድ ስልኮች ሲሸጋገር ታሪኩ አልተለወጠም። የተለወጠው አጨዋወቱ ነው።

በኮምፒውተር ላይ ገጸ ባሕርዩ የሚንቀሳቀሰው በቁልፎች ሲሆን፣ መሣሪያውንም ተጫዋቹ ራሱ ይመርጣል። ስልክ ቁልፍ የለውም፤ ጣትም የሚነካውን ነገር ይሸፍናል። ስለዚህ ተጫዋቹ የሚሄድበትን ቦታ ሲነካ ገጸ ባሕርዩ መንገዱን ፈልጎ ይሄዳል። ዛፍ ቢነካ መጥረቢያው፣ ድንጋይ ቢነካ ዶማው በራሱ ይመረጣል። በእኛ ግምት ከለውጦቹ ሁሉ ብልሁ ይህ ነው።

የገጹ አቀማመጥም እንዲሁ ይታሰብበታል። በአንድሮይድ መመሪያ መሠረት የሚነካ ምልክት ስፋቱ 9 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። የኮምፒውተሩን ገጽ እንዲሁ ማሳነስ ግን ምልክቶቹን ከዚህ በታች ያደርጋቸዋል፤ ተጫዋቹ አንዱን ሊነካ ሲል ጎረቤቱን ይነካል።

ሌላው ችግር ሙቀት ነው። ስልክ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ስለሌለው ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ለአምስት ደቂቃ ያለ እንከን የሠራ ጨዋታ በሃያኛው ደቂቃ ሊንቀረፈፍ ስለሚችል ሙከራው ረዘም ማለት ይገባዋል። የተለመደው መፍትሔ በሴኮንድ የሚሣሉትን ምስሎች ከ60 ወደ 30 ዝቅ ማድረግ ነው። እንቅስቃሴው ጥቂት ቢሻክርም ባትሪው ይቆያል፤ በእርጋታ ለሚታረስ ማሳ 30 አያንስም።