ጾሙ ክፍያ ነው ወይስ መቀበያ? ጸጋና ትጋት በመንፈሳዊ እድገት

የሁዳዴ ጾም ሲገባ በጎረቤላ የሚኖር የወንጌል አማኝ አንድ ጥያቄ አያመልጠውም፤ «እናንተ ለመሆኑ አትጾሙም?» ጎረቤት ሃምሳ አምስት ቀን ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ርቆ፣ አስቀዳሽ እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ እህል ሳይቀምስ ሲውል፣ በሩቅ ላለው ሰው የእኛ ኑሮ ያለ ድካም የተገኘ ክርስትና ይመስላል። ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስም አጭር ነው፤ «እኛ የዳንነው በጸጋ ነው»። መልሱ እውነት ነው። ነገር ግን የተጠየቀው ስለ መዳን መሠረት ብቻ አልነበረም። የዳነ ሰው እንዴት ያድጋል? በእድገቱስ ውስጥ የሰው ድርሻ ምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ለአካባቢው አዲስ አይደለም። ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ካርል ቪልሄልም ኢዘንበርግ በ1839 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት መጥተው በአንኮበር ተቀመጡ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ሲመለስ ክራፕፍ እስከ 1842 ቆየ። ሁለቱ በጻፉት የዕለት ማስታወሻ ውስጥ ከካህናትና ከሕዝቡ ጋር ስለ ጾም የተደረገ ንግግር ተደጋግሞ ይገኛል። ስለ ክራፕፍ ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን እርሱ ራሱ በሌላኛው ጫፍ ተፈትኖ የመጣ ሰው መሆኑ ነው። በ1827 ወደ ባዝል የሚሲዮን ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ የማዳም ጊዮንንና የያኮብ ቦመን መጻሕፍት አነበበ። ጊዮን ነፍስ የራስዋን እንቅስቃሴ ትታ በእግዚአብሔር ፊት ዝም እንድትል የምታስተምር ፈረንሳዊት ጸሐፊ ናት። ክራፕፍ በዚህ ዓይነት ትምህርት ተስቦ፣ በጥርጣሬም ተይዞ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤቱን ለቀቀ። ቆይቶ በቱቢንገን ሥነ መለኮት ካጠና በኋላ ነው ወደ ሚሲዮን ሥራ የተመለሰው። ስለዚህ በአንኮበር ጾመኞች መካከል የቆመው መልእክተኛ ሁለት አደጋዎች እንዳሉ ሊያውቅ የሚችል ሰው ነበር፤ አንዱ በሥራ መመካት፣ ሌላው በመተው መመካት።

ረቡዕና ዓርብ የጾመው እንግሊዛዊ

ሁለቱን አደጋዎች በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ግልጥ አድርጎ የሚያሳየን ጆን ዌስሊ ነው። በኦክስፎርድ ሳለ እርሱና ባልንጀሮቹ የጥንቷን ቤተ ክርስቲያን ልማድ ተከትለው ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾሙ ነበር። ቀኑም ሰዓቱም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። እስረኞችን ይጎበኙ፣ በየጊዜው ቅዱስ ቁርባን ይቀበሉ፣ ጊዜያቸውን በጥንቃቄ ይቆጣጠሩ ነበር። ዌስሊ ግን በዚህ ሁሉ ስለ መዳኑ ዕረፍት አላገኘም። በግንቦት 1738 በለንደን በአልደርስጌት መንገድ በተደረገ ስብሰባ ላይ በክርስቶስ ብቻ መታመኑን ያወቀው ከዚህ ሁሉ ትጋት በኋላ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ «ትጋት ከንቱ ነው» የሚል ትምህርት በወጣው ነበር። ብዙ ጊዜ በስብከታችን የምናቆመውም እዚህ ላይ ነው። በ1739 መገባደጃ ግን ፊሊፕ ሃይንሪክ ሞልተር የተባለ የሞራቪያን አገልጋይ ወደ ለንደን መጥቶ ዌስሊ በነበረበት በፌተር ሌን ኅብረት ማስተማር ጀመረ። ትምህርቱ ጸጥታ የሚል ስም አገኘ። ሙሉ እምነት የሌለው ሰው እምነት እስኪሰጠው ድረስ ጸጥ ብሎ ይቆይ፤ እስከዚያ መጽሐፍ ቅዱስን መመርመር፣ መጸለይ፣ ወደ ጌታ ራት መቅረብ ይተው፤ እነዚህን ቢያደርግ በሥራው መታመኑ ነው የሚል ነበር። ብዙዎች ተቀበሉት፤ ከጌታ ራት የቀሩም ነበሩ። ዌስሊ ለወራት ከተከራከረ በኋላ በሐምሌ 1740 ከተከታዮቹ ጋር ከኅብረቱ ወጣ።

ዌስሊ የተቃወመበት ምክንያት ለእኛ ጠቃሚ ነው። የጸጋ መንገዶች ብሎ በሰየመው ስብከቱ ጸሎት፣ የቃሉ ምርምርና የጌታ ራት በራሳቸው ኃይል እንደሌላቸው፣ አንዲት ብድራትም እንደማይገዙ በግልጥ አስተማረ። በዚህ ከሞልተር ጋር ይስማማል። ልዩነቱ ከዚያ ቀጥሎ ነው። እግዚአብሔር ጸጋውን ለመስጠት የመረጠው በእነዚህ መንገዶች ከሆነ፣ የሚጠብቅ ሰው መጠበቅ ያለበት በመንገዶቹ ላይ ቆሞ እንጂ ከእነርሱ ርቆ አይደለም። የውኃ ቦኖ ውኃ አይፈጥርም፤ ውኃ የፈለገ ሰው ግን እንስራውን ይዞ ወደ ቦኖው ይሄዳል እንጂ ቤቱ ተቀምጦ አይጠብቅም።

የጎረቤታችን መሰላል

ይህን ከያዝን በኋላ ወደ ኦርቶዶክስ ጎረቤታችን ስንመለስ፣ ትምህርቱን ካሰብነው በላይ ውስብስብ ሆኖ እናገኘዋለን። ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ በሚጠናበት ትምህርት የቅድስና ጉዞ በሦስት ይከፈላል፤ ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስና ንጽሐ ልቡና። በእነዚህም ሥር አሥር ማዕርጋት ይቆጠራሉ። የመጀመሪያው ጽማዌ ነው፤ ዝምታና ጭምትነት፣ ማለትም ሰው ወስኖ ሊጀምረው የሚችል ነገር። በመካከል አንብዕ፣ እንባ፣ ይመጣል። እንባን ግን ማንም በውሳኔ አያመጣውም። በላይኛው ክፍል ደግሞ ተሰጥሞ ብርሃን አለ፤ በብርሃን መዋጥ። ቃሉ ራሱ የሚያሳየው አድራጊውን ሳይሆን የሚደረግለትን ሰው ነው። እንግዲህ መሰላሉ በተጋድሎ ተጀምሮ በመቀበል ይፈጸማል።

ይህ ማለት በእኛና በእነርሱ መካከል ልዩነት የለም ማለት አይደለም። እኛ የምንጠይቀው ከመጀመሪያው ደረጃ በፊት ስላለው ነገር ነው፤ ይህ ተጓዥ ጉዞውን የጀመረው ተቀባይነት ለማግኘት ነው ወይስ ተቀባይነት አግኝቶ? መሰላል የሚወጣ ልጅ የአባቱ ልጅ የሚሆነው ጫፍ ላይ ሲደርስ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ደረጃ ፍርሃት ይሆንበታል። ጎረቤታችንን «በሥራ ብቻ የሚታመን» ብለን መጠቅለል ግን ሐቁን ማጣት ነው፤ እርሱም ጸጋን ያውቃልና፣ ንግግራችንን ከመጀመሪያው ይዘጋዋል።

የጳውሎስ «ምክንያቱም»

ፊልጵስዩስ 2፥12-13 ሁለቱን ወገን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያያይዛል። ጳውሎስ መዳናቸውን በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ እንዲፈጽሙ ያዝዛል፤ ወዲያውም ፈቃዱንም ሥራውንም በውስጣቸው የሚሠራው እግዚአብሔር መሆኑን ይናገራል። ቁልፉ ሁለቱን የሚያገናኘው አያያዥ ነው። «ነገር ግን» አላለም፤ እንዲያ ቢል የእግዚአብሔር ሥራ የእኛን ሥራ የሚተካ ይመስል ነበር። «ከዚያም በኋላ» አላለም፤ እንዲያ ቢል የእኛ ትጋት የእግዚአብሔርን ሥራ የሚገዛ ይሆን ነበር። «ምክንያቱም» ነው ያለው። እግዚአብሔር ስለሚሠራ እናንተ ሥሩ። ትእዛዙም በብዙ ቁጥር የተሰጠ ስለሆነ ሰው ብቻውን በጓዳው የሚያሰላው ሒሳብ ሳይሆን የማኅበር ኑሮ ነው። በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥10 ሐዋርያው ከሁሉ ይልቅ መድከሙን ሳያፍር ተናግሮ ድካሙን ለጸጋው ሲሰጥ የምናየው በዚሁ መንገድ ነው።

በመጋቢው ክፍል

ይህ ልዩነት በተግባር የሚታየው ትጋቱ ሲሰበር ነው። የሃያ አንድ ቀን ጾም የያዘ አንድ ወጣት እንውሰድ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ አጎቱ ቤት ይሄዳል፤ የአጎቱ ሚስት «በሞቴ» ብላ ታጎርሰዋለች፤ ይበላል። በማግስቱ መጸለይ ያቅተዋል፤ «ሒሳቡ ተበላሽቷል፣ ከአንድ እጀምራለሁ» ይላል። ይህ ወጣት ስለ ጸጋ ቢጠየቅ ያለ ስሕተት ይመልሳል። ጾሙን ግን እንደ ዕቁብ ቆጥሮታል፤ አንድ ቀን ካልተጣለ ዕጣው አይደርስም። ምልክቱ መብላቱ አይደለም፤ ከበላ በኋላ ከአብ ፊት መሸሹ ነው።

መጋቢው እዚህ ላይ የቅጣት ቀን ቢጨምርለት በሽታውን ይመግበዋል። ይልቁንም በዚያው ማታ አብሮት ይጸልይ፤ ከአሥራ ሦስተኛው ቀን እንዲቀጥል ይንገረው፤ የጎደለውን ቀን እንዳያካክስ ይከልክለው። ያልተከፈለ ቀን ይዞ ወደ እግዚአብሔር መቅረብ ለዚህ ልጅ ከሃያ አንዱ ቀን ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ነው። ስኳር ወይም የጨጓራ ሕመም ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች እኅት በጾም ምክንያት ስትጨነቅ የሚሰጠው መልስም ከዚሁ ይመነጫል፤ ከእህል መከልከል ከብዙ መንገዶች አንዱ ነው እንጂ የልጅነት መታወቂያ አይደለም።

የዚህ ወጣት ባልንጀራ ደግሞ ስለ ጸጋ ጥሩ ትምህርት ሰምቶ የጸሎት ሰዓቱን ትቷል እንበል። «መንፈስ ሲያነሣሣኝ እጸልያለሁ» ይላል። ከጥቂት ወራት በኋላ የሚጸልየው ሲቸገር ብቻ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሱም የሚገለጠው እሑድ ነው። ይህ የሞልተር ጸጥታ ነው። እርሱን ስለ ስንፍናው መገሠጽ ብዙም አይጠቅምም፤ ነፃነቱን የነኩበት ይመስለዋል። «የምትጠብቀውን የት ሆነህ ነው የምትጠብቀው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከዚያ አንድ ሰዓት ይወሰንለት፤ ማለዳ ከሥራ በፊት፣ አንድ መዝሙረ ዳዊትና አጭር ጸሎት፣ ከአንድ ወንድም ጋር፣ ለአራት ሳምንት። ልቡ ደረቅ በሆነበት ቀንም ይምጣ፤ ስሜት ሳይኖር መምጣት ግብዝነት እንዳልሆነ ይነገረው። በዚያ ቀን የሚያቀርበው ባዶ እንስራ ነው፤ ወደ ቦኖ የሚወሰደውም ባዶ እንስራ ነው።

ለሁለቱም የሚሆን አንድ መመርመሪያ ኢሳይያስ 58 ይሰጠናል። ጾመኛውን ስለ ጾሙ አትጠይቁት፤ ሚስቱንና የቤት ሠራተኛውን ጠይቁ። በጸጋ አርፌያለሁ የሚለውንም እንዲሁ። በቤቱ ያሉት ሰዎች ካልቀለላቸው፣ አንደኛው የተጋው፣ ሌላኛውም ያረፈው ለራሱ ነው።

ክራፕፍ በኅዳር 1881 በኮርንታል ያረፈ ጊዜ የተገኘው በአልጋው አጠገብ እንደ ተንበረከከ ነበር። በወጣትነቱ ነፍስ ዝም ትበል በሚል ትምህርት ተስቦ የነበረው ሰው፣ በሰባ አንድ ዓመቱም የማታ ጸሎቱን አልተወም። ከጎረቤላ የሚጠየቀውን ጥያቄ እንግዲህ በሁለት ክፍል መመለስ እንችላለን፤ አዎ፣ እንጾማለን፤ የምንጾመው ግን የሚሰጠንን ለመግዛት ሳይሆን ለመቀበል ነው። ሁለተኛውን ክፍል በታማኝነት መናገር የምንችለው የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ብቻ ነው።